የድሮ ማይል በደሴ አውቶቡስ፦ ስሌት ያለበት አጭር ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

አንድ ልጅ ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ላይ ነው። ድሮ በመንገድ ምልክት ላይ የተጻፈ ማይል በልቡ ወደ ኪሎሜትር እየቀየረ ይሄዳል። ከዚህ ሐሳብ አጭር ልቦለድ ማውጣት ቀላል ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን የሚወጣው የሂሳብ መጽሐፍ መልመጃ ነው። «ሰይድ 34 ማይል ተጓዘ፤ ስንት ኪሎሜትር ይሆናል?» ስምና አውቶቡስ ተጨመረበት እንጂ ያው ጥያቄ ነው።

ልጁ ስሌቱን ቢሳሳት የሚቀርበት ነገር ካለ ታሪክ ይሆናል። ምንም የሚቀርበት ከሌለ መልመጃ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በታች አንድ ታሪክ ከባዶ ተነስተን እንገነባለን። ቦታው ወሎ ነው፤ ከደሴ ተነስቶ በኮምቦልቻና በሐርቡ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ። ልጁ፣ አያቱ፣ ደብተሩና በየቦታው የሚነበቡት ቁጥሮች ፈጠራ ናቸው። ለታሪኩ እንዲመቹ አድርጌ የመረጥኳቸው ናቸው። ሂሳቡ ግን እውነተኛ ነው፤ እርሳስ ይዛችሁ ተከተሉ።

1. ማይሉ ከየት መጣ?

መጀመሪያ የሚመለሰው ይህ ነው። የኢትዮጵያ መንገድ የሚለካው በኪሎሜትር ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የደሴን መንገድ ሲሠሩም የሚቆጥሩት በኪሎሜትር ነበር። እናንተ መንገድ ዳር «ኮምቦልቻ 14 ማይል» የሚል ሰሌዳ ካቆማችሁ፣ ያን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ እዚያው ላይ ይቆማል። «የትኛው ማይል?» ይላችኋል። ከዚያ በኋላ የምትነግሩትን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያነበው።

አንድ መውጫ ልጁን ማይል ወዳለበት አገር መውሰድ ነው። አሜሪካና እንግሊዝ ዛሬም መንገዳቸውን በማይል ይለካሉ። ያኔ ግን ወሎ ትዝታ ብቻ ሆና ትቀራለች፤ እኛ ደግሞ አውቶቡሱን ወሎ ውስጥ ነው የምንፈልገው።

ሁለተኛው መውጫ ታሪክ ውስጥ አለ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲሸነፍ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሰሜን የገሰገሰው በእንግሊዝ አዛዥነት ሥር የነበረው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ነው። ኮምቦልቻ አጠገብ ተዋግቶ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ገባ። እነዚህ ወታደሮች ርቀትን በማይል የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ። ለጭነት መኪኖቻቸው መንገድ ዳር የእንጨት ሰሌዳ ተከሉ ብሎ መጻፍ ለልቦለድ አይበዛም። ሰሌዳዎቹ ዛሬ የሉም፤ እንጨት ነውና ማገዶ ሆኗል ብንል ማንም አይከራከረንም።

ታዲያ ቁጥሩ እንዴት ልጁ ጋ ደረሰ? በአያቱ በኩል። ይመር በ1933 የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። በእነዚያ መኪኖች ላይ ጭነት ሲያወጣና ሲያወርድ የሰሌዳዎቹን ቁጥር ደብተር ላይ ገለበጠ። ለምን ገለበጠ ካላችሁ፣ ቁጥር መጻፍ ገና የተማረ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ይጽፋል። ከደሴ ሲነሳ ደብተሩ እንዲህ ይላል፦

ኮምቦልቻ፣ የባቲ መገንጠያ — 14
ሐርቡ፣ ገበያው — 26
ዋርካው፣ በግራ — 34

ሦስት መስመር ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። አሥር መስመር ብታደርጉት አንባቢው ይደክማል። አንድ ብቻ ብታደርጉት ደግሞ ልጁ የሚያመሳክርበት ያጣል። ለምን ሦስት እንዳስፈለገ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

2. ልጁ ምን ይቀርበታል?

ይመር አሁን አርጅቷል፤ ዓይኑም ደክሟል። በዚያ ዋርካ ሥር መኪናቸው ተበላሽታ ሁለት ሌሊት አድሮበታል። ጎረቤቱ ሁሉ ዛፉ ተቆርጧል ይለዋል። የልጅ ልጁ ሰይድ፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ክረምቱን ለማሳለፍ ከአክስቱ ጋር አዲስ አበባ ሊሄድ ነው።

«አይተህ ንገረኝ። ሰው ሁሉ ተቆርጧል ይለኛል። እኔ አላምንም።»

«የት ጋ ነው አባባ?»

«ደብተሩ ላይ አለ። ሠላሳ አራት።»

«ዋርካማ ሞልቷል፤ በምን አውቀዋለሁ?»

«ሥሩ ትልቅ ድንጋይ አቅፏል። ዛፉን ቢቆርጡት እንኳ ድንጋዩን የት ይወስዱታል?»

ይህች አጭር ንግግር ሦስት ሥራ ትሠራለች። ልጁ የሚፈልገውን ትነግረናለች። አንባቢው «ለምን ሰው አይጠይቅም?» እንዳይል ትከላከላለች፤ ዋርካ ብዙ ነው፣ ድንጋይ ያቀፈው ግን አንድ ነው። ሦስተኛው ዋናው ነው። አውቶቡሱ ለአንድ ልጅ ዛፍ ብሎ አይቆምም። ልጁ ማየት ያለበት በሚያልፍ መስኮት ነው፣ ለጥቂት ሰከንድ። ትክክለኛውን ቦታ ካላወቀ አለፈው ማለት ነው። ሂሳቡ አሁን ሥራ አገኘ።

ዓመቱንም እዚህ ላይ ወስኑ። እኔ 1985 ዓ.ም. አደርገዋለሁ። ዛሬ ብታደርጉት አክስቱ ሞባይል አውጥታ ካርታ ትከፍታለች፤ ታሪኩም እዚያው ያልቃል። አያቱም ያኔ 67 ዓመቱ ነው፤ ዕድሜው ይገጥማል። መንገዱም ቢሆን ኋላ ላይ በእድሳት ኩርባው ሲቀና ርዝመቱ ይለወጣል። የድሮ ማይል ከድሮ መንገድ ጋር ነው የሚሄደው።

3. ወንበሩን ምረጡ

ልጁ ርቀት የሚቆጥርበት ነገር ያስፈልገዋል። የኪሎሜትር ድንጋይ ይሆናል፤ ግን አንዱ ወድቋል፣ አንዱ ሣር ውጦታል፣ ደግሞም የሚቆጥረው ከደሴ ላይሆን ይችላል። የሚሻለው የሹፌሩ ኪሎሜትር ቆጣሪ ነው። ስለዚህ ሰይድን ከሹፌሩ በስተኋላ፣ በግራ በኩል አስቀምጡት። በትከሻው ላይ አሻግሮ ዳሽቦርዱን ያያል። ዋርካውም በግራ ነው።

አሁን ችግር ጨምሩበት። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው አክስቱ ናት። አውቶቡሱ ሌሊት 11 ሰዓት ከመናኸሪያ ይወጣል። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ይነጋል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ደቡብ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ የምትመታው በግራ በኩል ነው። የግራ መጋረጃ ሁሉ ይዘጋል። ሰይድ ሲገልጠው ከኋላ «ኧረ ፀሐዩ! ዝጋው አንተ ልጅ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። እስከ ዋርካው ድረስ ገልጦ መቀመጥ አይችልም ማለት ነው። መቼ እንደሚገልጥ ማወቅ አለበት።

ይህን ዓይነት ነገር ከአየሩ አትፍጠሩት። መንገዱ ወደየት ነው? ፀሐይ በየት በኩል ናት? ስንት ሰዓት ነው? እነዚህን ስትመልሱ ችግሩ ራሱ ይመጣል። መስኮት ቢከፈት ነፋስ ገባብን የሚለው ተሳፋሪም አለ፤ እሱን ግን ለሌላ ታሪክ ተዉት። አንድ መጋረጃ ይበቃል።

4. ልጁ በምን ዘዴ ያሰላ?

አንድ ማይል በትክክል 1.609344 ኪሎሜትር ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች በ1959 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት ልክ ነው። ይህን ቁጥር ታሪኩ ውስጥ አታስገቡት። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ በጨለማ፣ በኩርባ ላይ፣ ከጎኑ ሰው ፌስታል ይዞ እያቅለሸለሸው፣ በ1.609344 አያባዛም። ብታደርጉት አንባቢው የእናንተን ካልኩሌተር ያያል።

ልጁ የሚችለው ይህን ነው፦ ራሱን ቁጥር ይያዝ፣ ግማሹን ይጨምር፣ አንድ አሥረኛውን ይጨምር። በቃ። ይህ በ1.6 ማባዛት ነው፤ ግን ማባዛት አይመስልም።

በ14 ሞክሩት። አሥራ አራት። ግማሹ ሰባት፤ ሃያ አንድ ሆነ። አሥረኛው አንድ ነጥብ አራት፤ ሃያ ሁለት ነጥብ አራት። ትክክለኛው 22.5 ነው። የመቶ ሜትር ልዩነት አውቶቡስ ላይ ምንም ማለት አይደለም።

በ34 ሞክሩት። ሠላሳ አራት፣ ሲደመር አሥራ ሰባት፣ ሃምሳ አንድ። ሲደመር ሦስት ነጥብ አራት፣ ሃምሳ አራት ነጥብ አራት። ትክክለኛው 54.7 ነው።

ዘዴው ሁልጊዜ ትንሽ ያሳንሳል። በመቶ ማይል ላይ አንድ ኪሎሜትር ያህል ነው የሚጎድለው። ለዚህ ጉዞ ይበቃል።

ሌላም ዘዴ አለ። እያንዳንዱ ቁጥር የቀደሙት የሁለቱ ድምር የሆነበት ተርታ፦ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34፣ 55። አንዱ ማይል ከሆነ ቀጣዩ በግምት ኪሎሜትሩ ነው። 34 ማይል 55 ኪሎሜትር። በጣም ያምራል። ግን 14ም 26ም ተርታው ውስጥ የሉም፤ ልጁ ግማሽ መንገድ ላይ ዘዴ ሊቀይር ነው። ደግሞ ይህን የሚያውቅ ልጅ ጎበዝ ተማሪ መሆኑን ለማሳየት የተፈጠረ ልጅ ይመስላል። እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

ልጆች በብዛት የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ነው። አንዱ አሥረኛውን መርሳት ነው፤ 34 ያኔ 51 ሆኖ ይቀራል፣ ሦስት ኪሎሜትር ተኩል ገደማ ጎደለ። ሌላው አቅጣጫውን መገልበጥ ነው፤ በማባዛት ፈንታ ማካፈል። ለዚህኛው መፈተሻ አለ። ኪሎሜትር ከማይል ያጥራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ መብዛት አለበት። ካነሰ ተገልብጧል። ይህችን አያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነግረው ይችላል፦ «የፈረንጁ ረጅም እርምጃ ነው፤ ያንተ አጭር። አጭር እርምጃ ብዙ ነው።» ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይጨመር።

5. ሂሳቡ ልክ ሆኖ ቦታው ይሳሳት

ታሪኩ የሚፈላው እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

አዲስ ጸሐፊ ልጁን ማባዛት ላይ ያሳስተዋል። ይህ ርካሽ ነው። አንባቢው «ደግሞ ደምር» ብሎ ያልፋል። የሚሻለው ሂሳቡ ፍጹም ልክ ሆኖ መልሱ ከመንገዱ ጋር ሳይገጥም መቅረቱ ነው። በእውነተኛ ሕይወትም እንዲህ ነው። የማይልና የኪሎሜትር ችግር ብዙ ጊዜ ማባዛቱ ላይ አይደለም። ዜሮው የት ነው የሚለው ላይ ነው።

ሰይድ መናኸሪያ ሲወጡ የቆጣሪውን የመጨረሻ ሦስት አሃዝ ያያል፦ 462። ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ጆሮ ይደፈናል። የባቲ መገንጠያ ጋ ሲደርሱ ቆጣሪው 487 ይላል። 25 ኪሎሜትር ተጓዙ። የእሱ ሂሳብ ግን 22.4 ነበር። 2.6 ኪሎሜትር ተረፈ።

ልጁ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። ደግሞ ይደምር፤ ያው 22.4 ይመጣል። አሁን ሁለት ነገር ማሰብ ይችላል።

አንደኛ፣ መነሻው ሌላ ነው። ወታደሮቹ መቁጠር የጀመሩት አሁን መናኸሪያው ካለበት አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በኮምቦልቻ በኩል ከነበረ ሰፈራቸው ነው። እንዲህ ከሆነ ስህተቱ ሸሚዝን በተሳሳተ ቁልፍ እንደመጀመር ነው፤ እስከ ታች ድረስ ሁሉም እኩል ይንሸራተታል። ጭማሪው ሐርቡም ላይ 2.6 ነው፣ ዋርካውም ላይ 2.6 ነው።

ሁለተኛ፣ ቆጣሪው ያበዛል። ቆጣሪ የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። ጎማው ከሚገባው ሲያንስ ለአንድ ዓይነት መንገድ ብዙ ጊዜ ይዞራል። የተበላ ጎማ ብቻውን ይህን ያህል አያበዛም፤ በሌላ መጠን ከተቀየረ ግን ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ጭማሪው ከርቀቱ ጋር እያደገ ይሄዳል።

ሰይድ ሹፌሩን ይጠይቅ።

«ጋሼ፣ ይሄ ቆጣሪ ልክ ነው?»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«እንዲያው።»

«ጎማ ከቀየርን ወዲህ አላመንኩትም። አብሽር፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ቆጣሪ አያስፈልግም።»

አያችሁ፣ ሹፌሩ አልረዳውም፤ ጥርጣሬውን አከበደበት። ሰው መጥቶ መልሱን የሚነግረው ከሆነ ልጁ ምን ይሠራል?

አንድ የሚታወቅ ቦታ እነዚህን ሁለት ነገሮች ሊለይ አይችልም። ሁለቱም ኮምቦልቻ ላይ 25 ይሰጣሉ። ሁለተኛ የሚታወቅ ቦታ ያስፈልጋል። ደብተሩ ላይ ሦስት መስመር የሆነው ለዚህ ነው። መሃል ላይ ሐርቡ አለች።

ሰይድ ሐርቡ ሳይደርስ ሁለቱንም አስቀድሞ ያስላ። 26 ማይል፤ ግማሹ 13፣ አሥረኛው 2.6፤ ድምሩ 41.6። መነሻው ከሆነ ጥፋቱ፣ 2.6 ይጨመራል፤ 44 ኪሎሜትር ገደማ። ቆጣሪው 506 ይላል። ጎማው ከሆነ ግን፣ 41.6 የ22.4 እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ ጭማሪውም እጥፍ ለመሆን ትንሽ ይቀረዋል፣ 5 ገደማ። ቆጣሪው 508 ይላል።

አምስት መቶ ስድስት ወይስ አምስት መቶ ስምንት? አንባቢው አሁን ከልጁ ጋር የሹፌሩን ትከሻ አሻግሮ ያያል። ተኩስ የለ፣ አደጋ የለ፤ ግን አንድ አሃዝ ይጠበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ይህ ቆጣሪ ሙሉ ኪሎሜትር ብቻ ነው የሚያሳየው። አሁን የተገለበጠ ይሁን ሊገለበጥ የደረሰ አይታወቅም። ስለዚህ በሁለቱ ግምቶች መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ኪሎሜትር በላይ መሆን አለበት። አንድ ብቻ ከሆነ ሐርቡ ምንም አታረጋግጥም። የራሳችሁን ቁጥር ስትመርጡ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ። እኔ ሐርቡን 18 ማይል ላይ ባስቀምጣት ኖሮ ልዩነቱ ከአንድ ያንስ ነበር፤ ልጁም በከንቱ ይጠብቅ ነበር።

ሐርቡ ገበያ ጋ ቆጣሪው 506 ይላል። መነሻው ነው ጥፋቱ። ጎማው ደህና ነው፤ ሹፌሩ በከንቱ አማው።

6. ቁጥሩን ወደ ደቂቃ ቀይሩት

አሁን ዋርካው ይታወቃል። 54.4 ሲደመር 2.6፣ 57። ቆጣሪው ላይ 462 ሲደመር 57፣ 519።

ልጁ የሚያስፈልገው ግን ኪሎሜትር ሳይሆን መጋረጃውን የሚገልጥበት ጊዜ ነው። ሐርቡን ካለፉ በኋላ መንገዱ ይለጠጣል። አውቶቡሱ በሰዓት 60 ቢሄድ አንድ ኪሎሜትር አንድ ደቂቃ ነው። ከ506 እስከ 519 አሥራ ሦስት ደቂቃ ገደማ አለው።

ስንት ደቂቃ ገልጦ ይጠብቅ? ቆጣሪው በአንድ ኪሎሜትር ሊያታልል ይችላል። የ1.6 ዘዴውም ትንሽ ያሳንሳል፤ ግን ኮምቦልቻ ላይ ስላስተካከለው የቀረበት የኋለኛው 20 ማይል ስህተት ብቻ ነው፣ ሁለት መቶ ሜትር ያህል። አያቱ የገለበጠው ሰሌዳም ሙሉ ማይል ብቻ ነበር የሚያሳየው፤ ዋርካው ከሰሌዳው ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቆጣሪው 518 ሲል ይግለጥ፣ 521 እስኪል ይታገስ። ሦስት ደቂቃ የተሳፋሪ ቁጣ መቻል ይቻላል።

ይህን ስሌት ሁሉ ግን ገጹ ላይ አታፍስሱት። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ አንባቢው ውጤቱን ይየው። በመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ዓይነት ነገር ይወጣል፦

«ሰይድ 462 ላይ 57 ደምሮ 519 አገኘ። አውቶቡሱ በሰዓት 60 ኪሎሜትር ስለሚሄድ ከ13 ደቂቃ በኋላ እንደሚደርሱ አወቀ።»

ልክ ነው፤ ግን የሞተ ነው። እንዲህ ብትሉትስ?

«አምስት መቶ አሥራ ሰባት። ሰይድ እጁን በአክስቱ ጉልበት ላይ አሳልፎ የመጋረጃውን ጫፍ ያዘ። አክስቱ ተኝታለች። ከመጨረሻው ሰባት በታች የስምንት አናት ብቅ አለ፤ ግማሽ ሰባት፣ ግማሽ ስምንት። ገለጠው።

‹ኧረ ፀሐዩ!›

‹አንዴ፣ እናቴ፣ አንዴ ብቻ።›»

የድሮ ቆጣሪ አሃዝ እየተንከባለለ ነው የሚቀየረው፤ ልጁም ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ጊዜ ያያል። አንድ ማባዛት እንኳ ሳይነገር ስሌቱ ሁሉ እዚያ አሃዝ ላይ ተንጠልጥሏል። ቁጥር በንግግርና በልጁ ሐሳብ ውስጥ ሲመጣ በፊደል ጻፉት። ደብተሩና ቆጣሪው ላይ ሲነበብ ደግሞ በአሃዝ ይሁን። ዓይን ልዩነቱን ይወደዋል።

7. ምን ያያል?

ሁለት የሚያጓጉ መጨረሻዎች አሉ፤ ሁለቱንም ብትተዉ ይሻላል። አንዱ ዛፉ ልክ 519 ላይ ቆሞ ልጁ የሚያጨበጭብበት ነው። ሂሳቡ ጀግና ሆነ፤ መልመጃው ተመልሶ መጣ። ሌላው ልጁ ሁሉን አስልቶ ምንም ሳያይ የሚያልፍበት ነው። ይህ ደግሞ አንባቢን ማታለል ነው።

እኔ እንዲህ አደርገዋለሁ። 519 መጥቶ ይለፍ፤ ምንም የለም። 520 ይበል። ከኋላ ያለችው ሴት ስታጉረመርም ድንጋዩ ይምጣ። መጀመሪያ ድንጋዩ፣ ከዚያ ያቀፈው ሥር፣ ከዚያ ግንዱ። አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ተቆርጧል፤ ግንዱ ቆሟል። ጎረቤቶቹም አልዋሹም፣ አያቱም አልተሳሳተም። ሰይድ ደብተሩን አውጥቶ ከ34 አጠገብ አንድ ነገር ይጽፋል፦ «58 — አለ።»

57 አለማለቱን ተመልከቱ። ልጁ ያሰላው 57 ነው፤ ያየው 58 ላይ ነው። የጻፈው ያየውን ነው። ስለዚህ ነገር ከልጁም ከአያቱም አንድም ቃል አይውጣ።

8. ከማሳተማችሁ በፊት

ታሪኩን ለአምስተኛ ወይም ለስድስተኛ ክፍል ልጅ ስጡት፤ እርሳስም ስጡት። ሐርቡ ከመድረሱ በፊት ያለው ገጽ ላይ አስቁሙትና «ስንት የሚል ይመስልሃል?» በሉት። 506 ወይም 508 ካለ ገብቶታል። ሌላ ቁጥር ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ 462ን የጻፋችሁበት ቦታ ተቀብሯል። ያ ቁጥር ብቻውን በአጭር ዓረፍተ ነገር መቆም አለበት፤ በወሬ መሃል ከገባ ማንም አያስታውሰውም።

ሁለተኛው አንባቢ የደሴን መስመር የነዳ ሰው ይሁን። ስለ ስሌቱ አትጠይቁት። ከሐርቡ ወዲያ በእርግጥ 60 ይነዳ እንደሆነ፣ ጠዋት መጋረጃው በየት በኩል እንደሚዘጋ፣ ኮምቦልቻ ላይ ለቁርስ ይቆም እንደሆነ ጠይቁት። እቆማለሁ ካላችሁ ችግር የለም፤ ቆጣሪው አብሮ ይቆማል። ደቂቃ የሚቆጥር ልጅ ብታደርጉት ኖሮ ግን ሻይ ሲጠጣ ሂሳቡ ሁሉ ይፈርስ ነበር።